ገንዘብ ያዡ ሲለቅ

የሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ገንዘብ ስለሚያውቅ ሳይሆን ሰው ስለሚያምነው ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ ሰው ስሙን ይጠራል፣ እሱ ጊዜ የለኝም ይላል፣ ጭብጨባው ይበልጠዋል፤ ሁለት ዓመት የተባለው አገልግሎትም ስድስትና ሰባት ዓመት ይሆናል። ከዚያ ሥራ ይቀይራል፣ ወይም ቤቱ ፈርሶ ሌላ ክፍለ ከተማ ይገባል፣ ወይም በቃ ይሰለቸዋል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የመልቀቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ ሲቀመጥ መጀመሪያ እጁ ላይ የሚመጣው ቅሬታው ነው፤ ስብሰባ የማይመጣው ጸሐፊ፣ መዋጮ ለማስከፈል በር ለበር መዞሩ፣ የሰው ሐሜት። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ወረቀት የሚያነበው ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገንዘቡ በየትኛው ቀን ስንት ነበር? ለማንስ ተላለፈ?

ነገሩን በወረቀት ማድረግ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን ከሚገዛቸው ተቋማት ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ኮሚቴ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚወስነው በመጀመሪያ የዕድሩ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡን ሳያዩ ደብዳቤ መጻፍ አይገባም። መልቀቂያን የሚቀበለው ሥራ አስፈጻሚው ነው ወይስ ጠቅላላ ጉባኤው? ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ይጠይቃል? ደንቡ ዝም ካለ አንድ ወር መስጠት ሚዛናዊ ይመስለኛል። አንድ ወር አንድ ሙሉ የመዋጮ መሰብሰቢያ ጊዜን ያካትታል፤ ተተኪውም ከነባሩ ጎን ተቀምጦ አሠራሩን ያያል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንሂድ። አንድ መቶ ሃምሳ አባወራ ያለው፣ በወር 100 ብር የሚያስከፍል ዕድር እንበል። ሒሳቡን የሚከፍተው ሐምሌ 1 ነው። ገንዘብ ያዡ መጋቢት 1 ቀን ደብዳቤ ሊያስገባ አስቧል፤ ስለዚህ እስከ የካቲት 30 ያለውን የስምንት ወር ሒሳብ ይዘጋል። ከደብዳቤው በፊት የሚሠራው ሥራ ይኼ ነው።

ሐምሌ 1 ላይ ዕድሩ 212,400 ብር ነበረው። በስምንቱ ወራት ከመዋጮ 111,500፣ ከቅጣት 1,300፣ ድንኳንና ወንበር ለሠርግ በማከራየት 12,000 ብር ገብቷል፤ በድምሩ 124,800። ለስድስት ሐዘንተኞች ለእያንዳንዳቸው 15,000 ብር ተሰጥቷል፤ ይህ 90,000 ነው። ለዕቃ ጠባቂው በወር 1,500 ብር ታስቦ 12,000፣ ለድንኳን ማሳደሻ 4,200 ወጥቷል። ወጪው በጠቅላላ 106,200 ነው። በመዝገቡ መሠረት ዛሬ ሊኖር የሚገባው 231,000 ብር ነው።

የባንኩ የሒሳብ መግለጫ ግን 238,300 ይላል። ትርፍ ተገኘ ብሎ የሚደሰት ገንዘብ ያዥ ካለ ይጠንቀቅ። ከሁለት ቀን በፊት ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የተጻፈው የ15,000 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም፤ እሱ ሲቀነስ ባንክ ያለው እውነተኛ ገንዘብ 223,300 ነው። በእጁ የቆጠረው ጥሬ ገንዘብ 5,200 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 228,500 ይሆናሉ፤ 2,500 ብር ጎደለ። የዕድር ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሌሊት ለቅሶ ደርሶ ለድንኳን ማጓጓዣና ለምሰሶ የሚሆን ገንዘብ ለንብረት ያዡ በብጣሽ ወረቀት አስፈርሞ ሰጥቶት ነበር፤ ንብረት ያዡ ደረሰኝ አምጥቶ አላወራረደም። ብጣሽ ወረቀቱ ካለ 2,500 ብሩ ጉድለት ሳይሆን ያልተወራረደ ሒሳብ ነው፤ መዝገቡም 231,000 ላይ ይገጥማል። ወረቀቱ ከጠፋ ግን ገንዘብ ያዡ ራሱ ከፍሎ ይወጣል፤ ወይም ስሙ ተነክቶ ይወጣል።

ይህንን አስታርቆ ከጨረሰ በኋላ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቀን፦ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለዕድሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ ከገንዘብ ያዥነት መልቀቄን ስለማሳወቅና የሰነድና የሒሳብ ርክክብ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ዕድሩን በገንዘብ ያዥነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። በመኖሪያ ቦታ ለውጥ ምክንያት ከመጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ኃላፊነት መቀጠል የማልችል መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። የዕድሩ አባልነቴ እንደተጠበቀ ነው።

እስከ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በመዝገብ ያለው የዕድሩ ገንዘብ 231,000 (ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ) ብር ሲሆን ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የገቢና የወጪ መዝገብ፣ ያለቁና ያልተጀመሩ ደረሰኞች፣ የባንክ ደብተርና የቼክ ጥራዝ፣ የአባላት የመዋጮ መዝገብ፣ ያልከፈሉ አባላት ስም ዝርዝር፣ የካዝና ቁልፍ በእጄ ይገኛሉ። ኮሚቴው ተረካቢ እንዲሰይምልኝና የቁጥጥር ኮሚቴው ባለበት እስከ መጋቢት 30 ድረስ ርክክቡ እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። በባንክ ያለው ፊርማዬ እንዲነሣም አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ
ግልባጭ፦ ለቁጥጥር ኮሚቴ

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምክንያት ሊጣሉ የማይገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስለ አባልነት የተጻፈችው አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። «ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ከዓመታት በኋላ ዕድሩን ጥሎ ሄዷል ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ የሰውየው ቤት ሐዘን ሲደርስ ክርክር ያስነሣል። ሌላው ግልባጩ ነው። ደብዳቤው ለሰብሳቢው ብቻ ከደረሰና ሰብሳቢው ኪሱ ከከተተው ማንም አላየውም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ አንዱ ላይ ጸሐፊው ደርሶኛል ብሎ ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት ማድረግ ይሻላል። መሃተብ ካለ ደግሞ ማኅተሙን ያሳርፍበት።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ ሽማግሌ ይላካል። «ሰው እስኪገኝ ድረስ» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን የመጨረሻው ቀን በተገፋ ቁጥር የካቲት 30 የተዘጋው ሒሳብ ያረጃል፤ አዲስ መዋጮ ይገባል፣ አዲስ ሐዘን ይመጣል፣ ሁሉም እንደገና መታረቅ አለበት። ጊዜ ማራዘም ግድ ከሆነ ኮሚቴው እስከ መቼ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይጻፈው።

ርክክቡ ራሱ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ። ጥሬ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ይቆጠራል። እኔ ብመከር ከዚያ ቀን ቀድሞ ባንክ ገብቶ የገቢ ወረቀቱ ብቻ ቢቀርብ እመርጣለሁ፤ ቆጠራ ላይ የሚነሣ ክርክር የለም። ደረሰኞች በተከታታይ ቁጥራቸው ይረከባሉ። ለምሳሌ ከ1501 እስከ 2500 ያለው ታትሞ መጥቶ እስከ 2337 ከተቆረጠ፣ ቀሪዎቹ 163 ቅጠሎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው የተቆረጠውን ደረሰኝ ይመረምራል፤ አደገኛው ግን ያልተቆረጠው ነው። ከጥራዙ መሃል አንድ ባዶ ቅጠል ከወጣ በዕድሩ ስም ገንዘብ መቀበል የሚችል ወረቀት ውጭ ቀረ ማለት ነው። ተበላሽቶ የተሰረዘ ደረሰኝም ዋናውና ቀሪው አንድ ላይ ተያይዞ ጥራዙ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ዋናው ከሌለ ተሰርዟል የሚለው ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም።

ያልተከፈለ መዋጮ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በምሳሌያችን ሁሉም አባል ቢከፍል ኖሮ 120,000 ብር መሰብሰብ ነበረበት፤ የገባው 111,500 ነው። ቀሪው 8,500 ብር ከ231,000ው ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በአባላት መዝገብና በገንዘብ ያዡ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እማማ እገሌ ጡረታቸው ሲወጣ በአንድ ጊዜ እንደሚከፍሉ፣ እገሌ ደግሞ ሦስት ወር ውጭ አገር እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስም፣ የወር ብዛትና ማስታወሻ ያለው ዝርዝር ካልተረከበ አዲሱ ሰው በመጀመሪያው ወር የከፈለውን አልከፈልክም ብሎ ይቀያየማል።

አሁን አሁን ደግሞ ቴሌብር መጥቷል። አባላት መዋጮውን በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ቁጥር መላክ ለምደው ከሆነ፣ ደብዳቤው ከገባ በኋላም መላካቸውን አያቆሙም። የዕድሩ ገንዘብ ከግሰለቡ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ይከርማል። ስለዚህ ቁጥሩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደማያገለግል በወር ስብሰባ ላይና በዕድሩ የቴሌግራም ቡድን ይነገር፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ካለ በዚያው ቀን ወደ ዕድሩ ሒሳብ ተዛውሮ የመልእክቱ ቅጂ ለተረካቢው ይላክ።

የባንክ ፊርማውም በደብዳቤው ብቻ አይነሣም። ባንኩ የሚያውቀው የተመዘገበለትን ፊርማ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ከለቀቀ በኋላም ለውጡ እስኪደርሰው ድረስ ፈራሚ አድርጎ ያስተናግደዋል። ኮሚቴው ማን እንደወጣና ማን እንደተተካ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤና ሸኚ ደብዳቤ በማኅተም ማቅረብ አለበት፤ አዲሱ ፈራሚም መታወቂያውን ይዞ በአካል ይሄዳል። በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ከሆነ ይህ ሳይደረግ ሰብሳቢው ብቻውን ገንዘብ ማውጣት ስለማይችል፣ በሐዘን ቀን የለቀቀውን ሰው ከሥራ ቦታው ፍለጋ መሄድ ይመጣል።

ኮሚቴው ተረካቢ ባይሰይምስ? ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ቁጥጥር ኮሚቴው ለጊዜው ይረከብ ተብሎ በጽሑፍ ይጠየቃል። በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ በሙሉ ባንክ ይገባል፣ መዝገቦቹና ደረሰኞቹ በዝርዝር ተጽፈው ካዝና ውስጥ ይቆለፋሉ፣ ቁልፉ ለሰብሳቢውና ለቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ በፊርማ ይሰጣል። የርክክቡ ሰነድ በሦስት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ ከዕድሩ ፋይል፣ አንዱ ከተረካቢው፣ አንዱ ከለቀቀው ሰው ዘንድ ይቀራል።