«አየኝ ወይስ አላየኝም?»

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። የጎን ክፍል ልጅ የተዋሳትን የፊዚክስ ደብተር ሲመልስላት ፈገግ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አይታያትም። ማታ ማታ ቴሌግራም እየከፈተች መቼ እንደገባ ታያለች። መልእክቷን አንብቦ ዝም ካለ እንቅልፍ የለም። «እሺ» ብሎ ከጻፈ ደግሞ «ምን ማለቱ ነው?» እያለች ከጓደኞቿ ጋር ስትተነትን ታመሻለች።

ወጣቶቹ «ክራሽ» የሚሉት ይሄንኑ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዶረቲ ቴኖቭ ብዙ ሰዎችን አነጋግረው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለውን ስሜት የሚያቀጣጥለው ተስፋና ጥርጣሬ ሲደባለቁ መሆኑን ጽፈዋል። ቁርጡ ያልታወቀ ነገር ሐሳብን አይለቅም። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ ስሜት ቀድሞ ይጎለምሳል፤ ስሜትን የሚገራው የአንጎል ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ስለዚህ «ተይው፣ እርሺው» የሚለው ምክር ብዙም አይሠራም።

የሚሻለው ግምቱን መቀነስ ነው። ልጅቷ በጓደኛ በኩል «ትወድሃለች» ብላ ብታስልክ ወሬው በማግስቱ ግቢውን ያዳርሳል። ከዚያ ይልቅ ከሌሎች ጋር ሆነው አብረው ቢያጠኑ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ኳሱ ቢያወሩ፣ በልቧ የሣለችው ልጅና እውነተኛው ልጅ መለያየት ይጀምራሉ። ምናልባት ቀልዱ ያሰለቻት ይሆናል፤ ምናልባትም ጥሩ ጓደኛ ታገኛለች። እሱ ሌላ ሰው እንደሚወድ ከሰማች ማልቀሷ አይቀርም። ያኔ የሱን ገጽ ለጥቂት ሳምንታት አለማየት ይረዳል፤ በከፈተችው ቁጥር ተስፋው እንደ አዲስ ይጀምራልና። እንቅልፏ፣ ምግቧና ትምህርቷ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተዛባ ግን የትምህርት ቤቱን አማካሪ ወይም የጤና ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል።

እናት ብዙውን ጊዜ ነገሩን የምታውቀው በውጤት ካርዱ ነው። «ማነው? የማን ልጅ ነው?» ብላ ብታፋጥጣት፣ ስልኩንም ብትነጥቃት፣ ልጅቷ የምትማረው መደበቅን ነው። ታላቅ ወንድም ቡና ላይ ሲያሾፍባትማ ጭራሽ አፏን ትዘጋለች። «ሰሞኑን ሐሳብ ይዞሻል የኔ ልጅ። ስትፈልጊ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» ብሎ ጊዜ መስጠት ይሻላል። ለእናቷ ማውራት ካፈረች የምታምናት አክስት ትኖር ይሆናል፤ እናትም በዚህ ባትቀየም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጠውም። የሚጽፍላት ሰው አዋቂ ከሆነ፣ «ፎቶ ላኪልኝ» ወይም «ለማንም እንዳትነግሪ» ካለ፣ ይህ ክራሽ አይደለም። መልእክቱን ሳታጠፋ ለምታምነው አዋቂ ታሳይ። ወላጅም ያን ጊዜ «ለምን አወራሽው?» ብሎ ከመቆጣቱ በፊት «ሌላስ ምን አለሽ?» ብሎ ይጠይቅ።