ትሮል ማን ነው? ተቺስ?

በቴሌግራም ግሩፖቻችን ሐሳቡ ያልጣመንን ሰው ሁሉ «ትሮል ነው» ማለት ለምደናል። ቃሉ ግን የራሱ ትርጉም አለው።

በእንግሊዝኛ «ትሮሊንግ» ዓሣ የማጥመድ ዘዴ ነው። ዓሣ አጥማጁ ምግብ የተሰካበትን መንጠቆ በዝግታ ከምትሄድ ጀልባ ኋላ እየጎተተ የሚነክስለትን ይጠብቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዩዝኔት በተባለው የውይይት መረብ ነባሮቹ አዲስ ገቢዎችን ለማጥመድ ሺህ ጊዜ የተመለሰን ጥያቄ ሆን ብለው ሲያነሱ፣ ድርጊቱ ይህን ስም አገኘ። ስለዚህ ትሮል የሚፈልገው መልሳችንን ሳይሆን መናከሳችንን ነው።

ከአካባቢያችን ምሳሌ እንውሰድ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ የተወሰኑ ቢሮዎች ደግሞ በሌሎች ከተሞች ተደለደሉ። በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ጻፉ እንበል። አንዱ «ከዱራሜ የሚነሳ ባለጉዳይ ለአንድ ፊርማ ሌላ ከተማ አድሮ ይመለሳል፤ አሠራሩ ይስተካከል» አለ። ሌላው «የዚያ ከተማ ሰው ድሮም ከመቀማት ሌላ አያውቅም» አለ።

የመጀመሪያው ንግግር ሊጣራ ይችላል። መንገዱን፣ ወጪውንና ቀኑን ቆጥረን ልክ ነው ወይም ተሳስቷል ማለት እንችላለን። ሁለተኛው ግን የሚጣራ ነገር የለውም፤ የተነካው ሕዝብ እንዲቆጣ ብቻ የተወረወረ ነው።

ሆኖም በአንድ ጽሑፍ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ተበሳጭቶ የጻፈ ቅን ሰውም ቃሉ ይሻክራል። ስሙን የደበቀም ሁሉ ትሮል አይደለም፤ አለቃውን ፈርቶ እውነት የሚናገር አለ። የሚለየው ከመልሳችን በኋላ የሚያደርገው ነው። በእርጋታ አንዲት ጥያቄ እንጠይቀው፦ «የቱ ቢሮ? ምን ቢደረግ ይሻላል ትላለህ?» ተቺ ቢናደድም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል፤ ማስረጃ ያመጣል፤ ባይስማማም ነጥባችንን በትክክል ይደግመዋል። ትሮል ጥያቄውን ይዘለዋል። አንዱ ክስ ሲመለስለት ሌላ ያነሳል፤ ያ ሲያልቅ ወደ ዘር፣ ወደ ሃይማኖት ወይም ወደ ግል ስም ይሻገራል። እኛ ስንጮህ ይደሰታል፤ ዝም ስንል ሌላ ግሩፕ ይፈልጋል። ከሁለተኛው ዝላይ በኋላ መልስ መስጠት መንጠቆውን መንከስ ነው፤ የግሩፑ አድሚን ጽሑፉን ያጥፋው፣ እኛም እየተቸንም ቢሆን ለሌላ አናስተላልፈው፤ ማሠራጨት ነውና።

አደጋው በሌላ በኩልም አለ። የጀመዓችን ሒሳብ እንዲታይ የጠየቀን ወንድም ወይም እህት «ትሮል» ካልን ነሲሓን በስድብ ዘጋን ማለት ነው። ጥያቄው ቢመርም መልሱ አኃዝ እንጂ ቅጽል ስም አይደለም።