ቲማቲም ፍሬ ነው ወይስ አትክልት? የኒክስና የሄደን ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1886 የጸደይ ወራት ከካሪቢያን ደሴቶች የተጫነ ቲማቲም ኒውዮርክ ወደብ ገባ። ያስመጡት ጆን ኒክስና ሸሪኮቹ የአትክልትና የፍራፍሬ ነጋዴዎች ነበሩ። ያኔ የሚሠራበት የ1883ቱ የአሜሪካ ቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ የዋጋውን 10 በመቶ ይጥላል፤ ፍራፍሬ ግን ጥሬም ይሁን የበሰለ ወይም የደረቀ ያለ ቀረጥ ይገባል። የወደቡ የቀረጥ ሰብሳቢ ኤድዋርድ ሄደን ቲማቲሙን ከአትክልት መደበውና ቀረጡን አስከፈለ። ነጋዴዎቹ ተቃውሟቸውን አስመዝግበው ከፈሉ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ገንዘባችን ይመለስልን ብለው ሄደንን ከሰሱት። ክርክሩ በ1893 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ነጋዴዎቹ የያዙት መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። የዕፅዋት ሳይንስ ከነሱ ጋር ነበር።

የሳይንሱን መልስ ለመረዳት ከአበባው መጀመር ይሻላል። የቲማቲም አበባ ትንሽና ቢጫ ናት። መሐሏ ላይ ኦቫሪ የሚባል፣ ከክብሪት እንጨት ራስ የማይበልጥ አረንጓዴ እብጠት አለ። ውስጡ ገና ዘር ያልሆኑ ጥቃቅን እንቁላሎች ተደርድረዋል። ከኦቫሪው አናት ቀጭን ዘንግ ይወጣል፤ የአበባው ዱቄት የሚያርፈው በዚህ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ዱቄቱ ሲያርፍና እንቁላሎቹ ሲዳብሩ የአበባው ቅጠሎች ይጠወልጋሉ፤ ኦቫሪው ግን ማበጥ ይጀምራል። ግድግዳው እየወፈረ ሥጋ ይሆናል፣ እንቁላሎቹ ዘር ይሆናሉ፣ በዘሮቹ ዙሪያ ያለው ክፍል ደግሞ ልጋግ መሳይ ፈሳሽ ያበጃል። ቲማቲም ብለን የምንበላው ይህን ያበጠና የበሰለ ኦቫሪ ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ ማለት ከአበባ ኦቫሪ የሚያድግ አካል ነውና መልሱ አያወላዳም። ቲማቲም ፍሬ ነው፤ ከፍሬም፣ ግድግዳው ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ብዙ ዘር የሚይዘው ቤሪ የሚባለው ዓይነት ነው።

ይህን ማንም ሰው ወጥ ቤት ቆሞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ቲማቲሙ ከግንዱ የተያያዘበት ቦታ ላይ ያለው አረንጓዴ ኮከብ አበባዋን ከሥር ይደግፉ የነበሩት ቅጠሎች ቅሪት ነው። በተቃራኒው ጫፍ የምትታየው ትንሽ ጠባሳ ደግሞ ያ ቀጭን ዘንግ ደርቆ የወደቀባት ናት። አግድም ከተቆረጠ ዘሩን የያዙት ክፍሎች ይታያሉ። ሞላላው ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት ትልቁና ጠፍጣፋው ብዙ አለው።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ አሳጥሮ «ዘር ያለው ፍሬ ነው» ይላል። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንዴ ግን ያሳስታል። የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም፤ ፍሬነቱን ግን ማንም አይክድም። ቲማቲምም ቢሆን ቅዝቃዜ የአበባውን ዱቄት ሲያበላሸው አንዳንድ ገበሬዎች አበባው ላይ ሆርሞን ይረጫሉ፤ በዚህ መንገድ የተገኘው ቲማቲም ዘሩ ጥቂት ነው ወይም ጭራሽ የለውም። ስለዚህ የሚያዋጣው መለያ የዘሩ መኖር አይደለም፤ አካሉ ከየትኛው የአበባ ክፍል አደገ የሚለው ነው። በዚህ መለያ ከሄድን አስገራሚ ነገር ይገጥመናል። የፖም ሥጋ በአብዛኛው የሚያድገው ኦቫሪውን ከከበበው የአበባው ክፍል ሲሆን፣ ኦቫሪው ራሱ በልተን የምንጥለው ማዕከሉ ነው። ቲማቲም ግን ከቆዳው እስከ ዘሩ ኦቫሪ ነው። እንዲያ ከሆነ በሳይንሱ ጥብቅ ሚዛን ቲማቲም ከፖም ይልቅ ንጹሕ ፍሬ ነው።

ታዲያ አትክልትስ? እዚህ ላይ ሳይንሱ ዝም ይላል። የዕፅዋት ሳይንስ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ዘር ብሎ ይከፍላል እንጂ አትክልት የሚባል ክፍል የለውም። ካሮት ሥር ነው፣ ድንች ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው፣ ጎመን ቅጠል ነው፣ አበባ ጎመን ገና ያልፈካ አበባ ነው። እነዚህን አንድ ስም የሰጣቸው ተክሉ ሳይሆን ወጥ ቤቱ ነው። እንግዲህ «ፍሬ ነው ወይስ አትክልት?» ብሎ መጠየቅ ከሁለት የተለያዩ መዝገቦች የተወሰዱ ስሞችን ማፎካከር ነው። አንደኛው መዝገብ የተክሉን አካል ሲመዘግብ ሁለተኛው የምግቡን አገልግሎት ይመዘግባል። አንድ ነገር በሁለቱም ላይ ሊሰፍር ይችላል።

ወደ ኒውዮርኩ ችሎት እንመለስ። የነጋዴዎቹ ጠበቃ የዌብስተርንና የሌሎችንም መዝገበ ቃላት ከፍቶ የፍራፍሬንና የአትክልትን ፍቺ አነበበ። ከዚያ በንግዱ 30 ዓመት የቆዩ ሁለት ምስክሮችን አስቀርቦ፣ ቃላቱ በነጋዴው ዘንድ ከመዝገበ ቃላቱ የተለየ ትርጉም እንዳላቸው ጠየቃቸው። የተለየ ትርጉም የላቸውም አሉ። ጠበቃው ቀጥሎ የቲማቲምን ፍቺ አነበበ። የመንግሥት ጠበቃ ግን አጸፋውን አዘጋጅቶ ነበር፤ የአተርን፣ የደበርጃንን፣ የኪያርን፣ የዱባንና የቃሪያን ፍቺ ተራ በተራ አነበበ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። እነዚህም ሁሉ ከአበባ ኦቫሪ የሚያድጉ ናቸው፤ ቲማቲም በዚህ ምክንያት ከቀረጥ ነጻ ከሆነ እነዚህም ነጻ ሊሆኑ ነው። የነጋዴዎቹ ጠበቃ በበኩሉ ድንችን፣ ካሮትን፣ ጎመንንና መሰሎቻቸውን አንብቦ እውነተኛ አትክልት እነዚህ ናቸው ለማለት ሞከረ። ከዚህ በቀር ሌላ ማስረጃ አልቀረበም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 10 ቀን 1893 በሙሉ ድምፅ ለሄደን ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሆራስ ግሬይ ሳይንሱን አልካዱም። ቲማቲም በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ መሆኑን፣ ኪያር፣ ዱባ፣ ባቄላና አተርም እንደዚያው መሆናቸውን በግልጽ አስፍረዋል። የያዙት ጭብጥ ሌላ ነው። ቃሉ በንግዱ ዓለም የተለየ ትርጉም እንዳለው ካልተረጋገጠ፣ ሕጉ መነበብ ያለበት ተራው ሕዝብ በሚናገርበት መልኩ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ቲማቲምን ከጓሮ ለቅሞ ከሾርባ፣ ከዓሣ ወይም ከሥጋ ጋር ለዋናው ምግብ ያቀርበዋል እንጂ እንደ ፍራፍሬ ከምግብ በኋላ ለማጣጣሚያ አያቀርበውም። መዝገበ ቃላቱንም ቢሆን ፍርድ ቤቱ የተመለከተው እንደ ማስረጃ ሳይሆን ለዳኛው ማስታወሻ እንደሚረዳ ነገር ነው።

ወጥ ቤቱ እንዲህ የመደበው ያለ ምክንያት አይደለም። በ100 ግራም የበሰለ ቲማቲም ውስጥ ያለው ስኳር 3 ግራም እንኳ አይሞላም፤ በዚያው መጠን ፖም ውስጥ ግን ወደ 10 ግራም፣ ማንጎ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ይገኛል። በዚያ ላይ ቲማቲም ጎምዛዛ ነው፣ ግሉታሜት የተባለውና የሥጋን መረቅ ጣዕም የሚሰጠው ንጥረ ነገርም በብዛት አለው። ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ሲቁላላ ስልሱን የሚያጣፍጠው ይኸው ነው። ጣዕሙ ወደ ድስት የሚመራውን ነገር የፍራፍሬ ሳህን ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ጥቂት ነው።

ፍርዱ ግን ወሰን አለው። የወሰነው በአንድ የቀረጥ ሕግ ላይ የሰፈሩ ሁለት ቃላት እንዴት ይነበቡ የሚለውን እንጂ ቲማቲም በተፈጥሮው ምንድን ነው የሚለውን አይደለም። «ፍርድ ቤት ሳይንስን ሻረ» እየተባለ የሚወራውም ለዚህ ነው ትክክል የማይሆነው። ሕጉ የተጻፈለት ዓላማ ሲለወጥ የቲማቲም ምድብም አብሮ ይለወጣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ስለ ማርማላታ ያወጣው መመሪያ ነው። ማርማላታ ከፍራፍሬ መሠራት ስላለበት መመሪያው ቲማቲምን እንደ ፍራፍሬ ይቆጥረዋል፤ ካሮትና ስኳር ድንችንም ጭምር። ካሮት ሥር እንጂ ፍሬ እንዳልሆነ ሕግ አውጪዎቹ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የፈለጉት የካሮት ማርማላታ የሚሠሩ ሰዎች ምርታቸውን በስሙ እንዲሸጡ ነው።

ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት የጉምሩክ የዕቃዎች ምደባ ግን ከሄደን ጎን ቆሟል። ትኩስ ቲማቲም በአትክልት ምዕራፍ ሥር 0702 በሚል ቁጥር ይመዘገባል። ሐብሐብ የዱባ ዘመድ ቢሆንም ጣፋጭ ስለሆነ በፍራፍሬ ምዕራፍ ገብቷል።

የወጥ ቤቱ መዝገብ ከአገር አገር እንደሚለያይም አቮካዶ ያሳያል። በሜክሲኮ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ተፈጭቶ ከምግብ ጋር ይቀርባል። አዲስ አበባ ጭማቂ ቤት ውስጥ ደግሞ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር በብርጭቆ ተደራርቦ፣ ስኳር ተጨምሮበት ይጠጣል። የዕፅዋት ተመራማሪው ለሁለቱም አገር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አቮካዶም እንደ ቲማቲም ከኦቫሪ ያደገ ፍሬ ነው። አብሳዩ ግን ሁለት ሳህን ላይ ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ «ቲማቲም ፍሬ ነው ወይስ አትክልት?» የሚል ሰው ሲመጣ መልስ ከመስጠት በፊት ለምን እንደጠየቀ ማወቅ ይበጃል። ዘር ለማዳቀል፣ አበባው ለምን ፍሬ ሳይዝ እንደረገፈ ለማወቅ ወይም ለባዮሎጂ ፈተና ከሆነ ፍሬ ነው። ለገበያ፣ ለምግብ ዝግጅት ወይም ለጉምሩክ ሰነድ ከሆነ አትክልት ነው። ጆን ኒክስ የተሸነፈው የተሳሳተ ሳይንስ ይዞ አይደለም፤ ትክክለኛውን መልስ ይዞ ያልተጠየቀበት ችሎት በመቆሙ ነው።