ያውቁ ኖሯል? የአራስ ልጅ መስማት በጭብጨባ አይታወቅም

ያውቁ ኖሯል? ከ1,000 አራሶች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ዘላቂ የመስማት ችግር ይዘው ይወለዳሉ። አብዛኞቹ የሚወለዱት በደንብ ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ «በዘራችን የለም» ማለት ማስተማመኛ አይሆንም።

ያውቁ ኖሯል? የድስት ክዳን ሲንኳኳ ልጁ ስለደነገጠ ብቻ በደንብ ይሰማል ማለት አይቻልም። የአልጋው ንዝረት፣ የእጅዎ ጥላ ወይም ነፋሱ ሊያስደነግጠው ይችላል። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ወይም ከፍተኛ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ልጅም ይደነግጣል። ንግግር የሚለመደው ግን በለሆሳስ ድምፆች ጭምር ነው።

ያውቁ ኖሯል? መስማት የተሳነው ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ እኩዮቹ ያለቅሳል፣ «ኧ… ኧ» እያለ ይጫወታል። ልዩነቱ የሚታየው ከ6ኛው ወር ወዲህ ነው። የሚሰማው ልጅ «ባባባ፣ ማማማ» ማለት ሲጀምር እሱ ይዘገያል። ያን ጊዜም ቤተሰቡ «አፉን ዘግይቶ ይፈታል» ብሎ ይጠብቃል።

ያውቁ ኖሯል? ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል። ይህን እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ በ1978 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ዛሬ ትንሽ ውታፍ በአራሱ ጆሮ ገብታ ድምፅ ትለቃለች፤ ጤነኛው የውስጥ ጆሮም ደካማ ድምፅ ይመልሳል። ምርመራው አያምም፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ በደቂቃዎች ያልቃል።

ያውቁ ኖሯል? «አላለፈም» ማለት «አይሰማም» ማለት አይደለም። ትናንት የተወለደች ልጅ ግራ ጆሮዋ ባያልፍ፣ የመውለጃ ፈሳሽ ወይም ቅባት ቦዩን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ከቀናት በኋላ ይደገማል። አሁንም ካላለፈች ግንባሯና ማጅራቷ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የነርቩ ምላሽ በዝርዝር ይለካል። ጽኑ ሕክምና ክፍል የቆዩ ወይም ከባድ ቢጫነት ያጋጠማቸው ሕፃናት ግን ከመጀመሪያውም የነርቩ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ጆሯቸው ድምፅ እየመለሰ ነርቩ መልእክቱን በትክክል ላያደርስ ይችላልና።

ያውቁ ኖሯል? ባለሙያዎች የሚከተሉት ቀመር 1፣ 3፣ 6 ይባላል፦ በ1 ወር መመርመር፣ በ3 ወር ችግሩን ማረጋገጥ፣ በ6 ወር እገዛ መጀመር። በአሜሪካ ኮሎራዶ ተጠንቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ፣ ከ6 ወር በፊት ችግራቸው የተደረሰባቸው ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ የተሻለ ቋንቋ እንደነበራቸው አሳይቷል። አንጎል የቋንቋን መንገድ የሚያደላድለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሚደርሰው ቋንቋ ነው፤ በመስሚያ መሣሪያ በኩል የመጣ ንግግርም ሆነ የምልክት ቋንቋ።

ያውቁ ኖሯል? ምርመራውን ያለፈ ልጅም በማጅራት ገትር ወይም በሌላ ምክንያት በኋላ መስማት ሊያቆም ይችላል። በ3 ወሩ በእናቱ ድምፅ ዝም የማይል፣ በ6 ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር ልጅ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ምርመራው በወሊድ ጊዜ ካልተደረገ፣ ለ45 ቀን ክትባት ሲሄዱ የት እንደሚገኝ ይጠይቁ።