ቆጣሪው በዘጠኝና በዜሮ መሃል ሲቆም

በወረኢሉ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ የውሃ ቆጣሪ እንውሰድ። ባለፈው ወር የተመዘገበው ንባብ 00394 ነበር። በዚህ ወር ቆጣሪ አንባቢው በስልኩ ያነሳው ፎቶ ግን ለቢሮ ሠራተኛው ፈተና ሆኖበታል። ከግራ ሁለቱ ዜሮዎች ደህና ይታያሉ። መቶ ቤቱ ላይ የ3 ላይኛው ግማሽ እየወጣ የ4 ታችኛው ክፍል እየገባ ነው። አሥር ቤቱና አንድ ቤቱ ደግሞ ሁለቱም በ9 እና በ0 መሃል ቆመዋል። ቁጥሩ ስንት ነው?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ በቀጥታ የሚያርፈው በቤተሰቡ የውሃ ክፍያ ላይ ነው። በሦስቱ ቤቶች ላይ ሁለት ሁለት አማራጭ ስላለ፣ በዓይን ብቻ ለሚያነብ ሰው ከፎቶው ስምንት ቁጥሮች ይወጣሉ፦ 300፣ 309፣ 390፣ 399፣ 400፣ 409፣ 490 እና 499። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ካለፈው ወር ንባብ ያነሱ በመሆናቸው ወዲያው ይጣላሉ፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድምና። 490 እና 499 ከተጻፉ ደግሞ ፍጆታው 96 ወይም 105 ሜትር ኩብ ይሆናል። በወር 5 ሜትር ኩብ አካባቢ የሚጠቀም ቤት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ከወሰደ ማንም ሰው ይጠራጠራል። አደገኛው 409 ነው። ፍጆታው 15 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ድግስ ነበረ፣ እንግዳ መጣ፣ ቧንቧ ፈሰሰ ተብሎ የሚታመን ቁጥር ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል።

ነገር ግን 409 ፈጽሞ ሊሆን አይችልም። ይህን ለማየት ቆጣሪው እንዴት እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ የተጻፉት ጎን ለጎን በተደረደሩ ተሽከርካሪ ቀለበቶች ላይ ነው። በቀኝ ዳር ያለው የአንድ ቤት ቀለበት በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ውሃ ባለፈ ቁጥር ሳያቋርጥ ቀስ እያለ ይዞራል፤ በሁለት ቁጥሮች መሃል መታየቱም የተለመደ ነው። የአሥር ቤቱ ቀለበት ግን ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቤቱ ከ9 ወደ 0 በሚሻገርባት አጭር ጊዜ ብቻ ትንሿ ጥርስ ይዛው አንድ እርምጃ ታስኬደዋለች። መቶ ቤቱም የሚንቀሳቀሰው አሥር ቤቱ ከ9 ወደ 0 ሲሻገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ቀለበቶች በአንድ ላይ መሃል ላይ ከታዩ እየተሻገሩ ያሉት በአንድ ላይ ነው። ወይ ሁሉም ገና አልተሻገሩም፣ ያኔ 399 ነው፤ ወይም ሁሉም ተሻግረዋል፣ ያኔ 400 ነው። 409 የሚጽፍ ሰው መቶ ቤቱንና አሥር ቤቱን ከሚመጣው ቁጥር፣ አንድ ቤቱን ደግሞ ከሚሄደው ቁጥር ወስዷል። እንዲህ ያለ ቅልቅል በብረቱና በጥርሱ ሥራ ውስጥ የለም።

ከ399 እና ከ400 የትኛው እንደሆነ የሚነግሩን ከቀለበቶቹ በታች ያሉት ትንንሽ ቀይ መርፌዎች ናቸው። በውሃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሩ ሙሉ ሜትር ኩብን፣ ቀዩ ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያል። ×0.1 የሚል የተጻፈበት መርፌ አንድ ቁጥር ሲያልፍ 100 ሊትር አለፈ ማለት ነው፤ ×0.01 የሚለው 10 ሊትር፣ ×0.001 የሚለው ደግሞ 1 ሊትር። በእኛ ፎቶ ላይ ×0.1 መርፌው 8ን ገና እንዳለፈ እንበል። ቆጣሪው 399.8 ላይ ነው፤ የሚጻፈውም 399 ነው። ወደ 400 ለመድረስ ወደ 200 ሊትር፣ ማለትም አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀረዋል። መርፌው 0ን አልፎ 1 አካባቢ ቢሆን ኖሮ ግን ቀለበቶቹ ገና መሃል ላይ ቢመስሉም ንባቡ 400 ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 399.8 ለ400 ስለሚቀርብ 400 ብሎ ማጠጋጋት ትክክል ይመስለዋል። የቆጣሪ ንባብ ግን አይጠጋጋም፤ ያለፈው ሙሉ ቁጥር ብቻ ይወሰዳል። ያልተቆጠረችው 0.8 ለሚቀጥለው ወር ስለምትተላለፍ ደንበኛውም ውሃ አገልግሎቱም የሚያጣው ውሃ የለም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የውሃ ታሪፍ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ለስሌት እንዲመቸን የራሴን ቁጥር ልጠቀም። የመጀመሪያው 5 ሜትር ኩብ በ10 ብር፣ ቀጣዩ 5 በ14 ብር፣ ከ10 በላይ ያለው በ18 ብር ይሸጣል እንበል። ቤተሰቡ በየወሩ 5 ሜትር ኩብ ይጠቀማል። ትክክለኛ ንባቦቹ 399፣ 404 እና 409 ከሆኑ በሦስት ወር የሚከፍለው ሦስት ጊዜ 50 ብር፣ በድምሩ 150 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር በስህተት 409 ከተጻፈ ግን ፍጆታው 15 ይሆንና ቢሉ 50፣ 70 እና 90 ተደምሮ 210 ብር ይመጣል። በሁለተኛው ወር ቆጣሪው 404 ያሳያል፤ ከተመዘገበው ስለሚያንስ ዜሮ ፍጆታ ይሞላል። በሦስተኛው ወር 409 ይደርሳል፤ አሁንም ዜሮ። ቆጣሪው ስህተቱን ደርሶበታል፣ ውሃውም ልክ 15 ሜትር ኩብ ነው፤ የተከፈለው ግን 210 ብር ነው።

በየቢሮው የምንሰማው «ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» የሚለው መልስ ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ወጥ ዋጋ ቢኖር ኖሮ እውነት ነበር። በደረጃ በሚጨምር ታሪፍ ግን ያለአግባብ ወደ ላይኛው እርከን የወጣው ውሃ በሚቀጥለው ወር ሲቀነስ የሚመለሰው በታችኛው እርከን ዋጋ ነው። በሁለተኛው ወር አምስቱ ሜትር ኩብ በ10 ብር ተባዝቶ 50 ብር ይመለስ ቢባል እንኳ ቤተሰቡ በሁለት ወር 160 ብር ከፍሏል፤ መክፈል የነበረበት 100 ነው። 60 ብሩ እዚያው ይቀራል። ትክክለኛው እርማት የመጀመሪያውን ወር ቢል ሰርዞ በ399 እንደገና ማስላት፣ ከዚያም ሁለተኛውን ወር በራሱ እርከን ማውጣት ነው። ደንበኛ ሲያመለክትም «ሜትር ኩቡ ይቀነስልኝ» ከማለት «የወሩ ቢል ተሰርዞ በትክክለኛው ንባብ ይሰላልኝ» ቢል ይሻለዋል። የኤሌክትሪክ ታሪፋችንም በፍጆታ መጠን የሚጨምር ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ተይዞ ነበር፤ ዋጋው ከመስከረም 2017 ጀምሮ እንደገና ቢከለስም የእርከኑ አሠራር ቀጥሏል። ቀለበት ያለው አሮጌ የመብራት ቆጣሪም በተመሳሳይ መንገድ ይነበባል። በአንዳንዱ ላይ የመጨረሻው ቀይ ቁጥር አሥረኛ ክፍል ስለሆነ፣ እሱን እንደ ሙሉ ቁጥር መጻፍ ንባቡን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ቁጥሩን በስክሪን ስለሚያይ ይህ ችግር የለበትም።

እንዲህ ያለ ፎቶ ምን ያህል ጊዜ ያጋጥማል? አሥር ቤቱ የሚሻገረው አንድ ቤቱ ከ9 ወደ 0 በሚሄድበት ጊዜ ነው። ይህም ከአሥር ሜትር ኩብ አንዱ ላይ ነው። መቶ ቤቱ የሚሻገረው ከመቶው አንዱ ላይ ነው። 2,000 ደንበኛ ባለው ከተማ በየወሩ 200 ያህል ቆጣሪዎች አሥር ቤታቸው፣ 20 ያህሉ ደግሞ መቶ ቤታቸው ጭምር በሚሻገርበት ሜትር ኩብ ላይ ይገኛሉ። ብርቅ ነገር አይደለም፤ በየወሩ የሚመጣ ሥራ ነው። ከቆጣሪው የራሱ ስህተት ጋርም ላነጻጽረው። ዓለም አቀፉ የውሃ ቆጣሪ መለኪያ አይኤስኦ 4064 በተለምዶ ለሚጫነው የቆጣሪ ደረጃ፣ ውሃው በመደበኛ ፍጥነት ሲፈስ የሚፈቅደው ስህተት 2 በመቶ ነው። በ5 ሜትር ኩብ ላይ ሲሰላ 100 ሊትር ይሆናል። አሥር ቤቱን አንድ ቁጥር አሳስቶ ማንበብ ግን 10,000 ሊትር ነው። ስለቆጣሪ ጥራት ስንከራከር ትልቁ ስህተት ከቀለበቱ ወደ መዝገቡ በሚሄደው መንገድ ላይ ይፈጠራል።

የፎቶው አነሳስም ስህተት ይጨምራል። ቀለበቶቹ ከመስታወቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ ስልኩ ዘንበል ካለ ቁጥሮቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የተንቀሳቀሱ ይመስላሉ፤ ያልተሻገረው የተሻገረ ይመስላል። በደጋው ክረምት መስታወቱ ውስጥ ላብ ሲቋጥር ወይም በጭቃ ሲሸፈን መርፌው አይታይም። ስለዚህ ስልኩ ልክ ከፊት ለፊት ሆኖ፣ ቀዮቹ መርፌዎች ጭምር በፎቶው ውስጥ ገብተው መነሳት አለበት። መርፌ የሌለበት ፎቶ ጥቁሩ ቁጥር የቱንም ያህል ቢጠራ መሃል ላይ የቆመን ቁጥር ሊፈታ አይችልም።

ቆጣሪው ራሱ የተበላሸ መሆኑም ከቀለበቶቹ ይታወቃል። አሥር ቤቱ ግማሽ ላይ ቆሞ አንድ ቤቱ 4 ወይም 5 ካሳየ ሁለቱ አይስማሙም፤ ያ ሽግግር የሚፈቀደው በ9 እና በ0 መሃል ብቻ ነው። ትንሽ ዘንበል ማለት ከሆነ በጥርሶቹ መካከል ያለ ልል ቦታ ነው፤ ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር ይወሰዳል። እውነተኛ ግማሽ ከሆነ ግን ጥርሱ ተበልቷል ወይም ቀለበቱ ተንሸራቷል፤ ቆጣሪው ሊፈተሽ ይገባል። ለማረጋገጥ ጀሪካኑ ይበቃል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ሲቀዳ ×0.01 መርፌው በትክክል ሁለት ቁጥር መሄድ አለበት። አሥር ጀሪካን ሲቀዳ ደግሞ ×0.1 መርፌው ሁለት ቁጥር ይሄዳል፤ በእኛ ምሳሌ ያኔ 00400 በአራት ማዕዘኑ መስኮት ውስጥ ሳይከፈል ሙሉ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ ቀለበቱ እንጂ አንባቢው አይደለም ጥፋተኛው።

ለቢሮው ሠራተኛ የምጨምረው አንድ ነገር ጳጉሜን የሚመለከት ነው። ንባቡ ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲተላለፍ ጳጉሜ ስለምትጨመር የመስከረሙ ልዩነት የ35 ቀን ፍጆታ ሊሆን ይችላል። በወር 5 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ቤት ያን ጊዜ ወደ 6 ቢጠጋ ንባቡ ተሳስቷል ብሎ ቁጥሩን ወደ ታች መግፋት አያስፈልግም። 15 ቢሆን ግን አምስቱ ቀናት አያብራሩትም፤ ፎቶው እንደገና ተከፍቶ ቀዩ መርፌ ይታይ።