የዑር ዚጉራት፦ በጭቃ የተሠራው የጨረቃ አምላክ ማረፊያ

በደቡብ ኢራቅ፣ ከናሲሪያ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ግዙፍ የጡብ ክምር ከሜዳው ብቻውን ቀና ብሎ ይታያል። ይህ የዑር ዚጉራት ነው። ብዙዎች ከተማዋን በመጽሐፍ ቅዱስ የአብርሃም አገር የተባለችው ዑር ናት ይላሉ።

ሕንፃውን ያስጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2100 ዓመት ገደማ የነገሠው ኡር-ናሙ ሲሆን፣ ያስቀጠለው ልጁ ሹልጊ ነው። ዚጉራት እንደ ግብፅ ፒራሚድ መቃብር አይደለም፤ ውስጡም ክፍል የለውም። ከላይ እስከ ታች ድፍን ሆኖ በእርከን የተነሣ መድረክ ነው። አናቱ ላይ የከተማዋ ጠባቂ የሆነው የጨረቃ አምላክ የናና ቤተ መቅደስ ነበር። ከፊት ለፊት የሚወጡት ሦስት ረጃጅም ደረጃዎች አንድ በር ላይ ይገናኛሉ።

በኤፍራጥስ ሸለቆ ድንጋይ የለም፤ የተትረፈረፈው ጭቃና ሸምበቆ ነው። ስለዚህ ግንበኞቹ የሕንፃውን ሆድ በፀሐይ በደረቀ ጥሬ ጡብ ሞሉት። ውጪውን ደግሞ በእሳት የተቃጠለ ጡብ በሬንጅ እያያያዙ 2.5 ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ግድግዳ አለበሱት። ብዙዎቹ ጡቦች የኡር-ናሙ ስም ታትሞባቸዋል።

የጭቃ ጠላቱ ውሃ ነው። ጥሬው ጡብ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥም የውጪውን ግድግዳ ገፍቶ ይሰነጥቃል። ለዚህ ነው በጡቡ ረድፎች መካከል የሸምበቆ ምንጣፍ የተነጠፈው፤ በውጪው ግድግዳም ላይ እርጥበት የሚወጣባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች የተተዉት።

ይሁንና እንዲህ ያለ ሕንፃ ያለ ጥገና አይቆይም። ከ1500 ዓመት ገደማ በኋላ የባቢሎን ንጉሥ ናቦኒደስ ፈርሶ አግኝቶት እንደገና አሠራው፤ ሥራውንም በሸክላ ላይ አስጽፎ በማዕዘኖቹ ውስጥ አስቀበረ። በኋላ ግን የኤፍራጥስ ወንዝ አቅጣጫውን ቀየረ፤ ከተማዋም ነዋሪ አልባ ሆነች። ጠጋኝ ያጣውን አናት ዝናብና ነፋስ ሸረሸሩት፤ ጥሬው ጡብም ተመልሶ አፈር ሆነ። የባቢሎኑ ዚጉራት ዕጣ ከዚህም ይከፋል። ሰዎች የተቃጠለ ጡቡን ለቤት መሥሪያ እየነቀሉ ስለወሰዱት ዛሬ በቦታው የቀረው ጉድጓድ ብቻ ነው።

የናቦኒደስን ጽሑፎች በ1854 እንግሊዛዊው ጆን ቴይለር ከማዕዘኖቹ ቆፍሮ አወጣቸው፤ ጉብታው ዑር መሆኑም በእነርሱ ታወቀ። ሊዮናርድ ዉሊ ደግሞ ከ1922 እስከ 1934 ከተማዋን በስፋት ቆፈረ።

ዛሬ የዚህን ዚጉራት ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ያማረው የታችኛው ግድግዳና ደረጃው በ1980ዎቹ በሳዳም ሁሴን ዘመን የታደሰ ነው። ከጥንቱ የተረፈው ከላይ የሚታየው የተሸረሸረው ክምር ነው።