ሁለት ጎማ ያለው ሮቦት ለምን ይወዛወዛል?

መጥረጊያ በመዳፉ ላይ አቁሞ የተጫወተ ልጅ የዚህን ሮቦት ሥራ ያውቀዋል፤ እንጨቱ ወደዘመመበት እጅን ቀድሞ ማድረስ ነው። ሮቦቱም ወደዘመመበት ጎማውን ያሽከረክራል። በምን ያህል ጉልበት የሚለውን የሚወስነው ፒአይዲ የተባለው ስሌት ነው። `Kp` ዝንባሌው በሰፋ መጠን ሞተሩን ያጠነክራል። `Kd` የመውደቁን ፍጥነት ይቃወማል። `Ki` ደግሞ ሳይስተካከል የቆየውን ትንሽ ስህተት እያጠራቀመ ያርማል።

ሲስተካከል `Kd` እና `Ki` ዜሮ ሆነው `Kp` ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሲያንስ ሮቦቱ ይደፋል፤ ሲበቃ ይቆማል፣ ግን ወደፊትና ወደኋላ ይዋልላል። ቀጥ ባለበት ቅጽበት ግፊቱ ዜሮ ቢሆንም ሮቦቱ ገና ፍጥነት ስላለው መሃሉን አልፎ ይሄዳል። ይህን ፍጥነት የሚገታው `Kd` ነው። እሱን እየጨመሩ ሲሄዱ ውልውሉ ይጠባል። ሞተሩ መንዘር ከጀመረ የሴንሰሩ ጥቃቅን ጫጫታ እየጎላ ነው ማለት ነውና ትንሽ ይቀነሳል። `Ki` መጨረሻ ላይ፣ በጥቂቱ ይገባል፤ ሲበዛ ዝግ ያለ ሰፊ ውልውል ያመጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይቆም ውልውል አለ፤ ብዙ ጀማሪን የሚያደክመውም እሱ ነው። ርካሽ ባለማርሽ ሞተር የተገጠመለት የአርዱዊኖ ሮቦት እንውሰድ። ለሞተሩ የሚሰጠው ትእዛዝ እስከ 255 ይደርሳል፤ `Kp` 20 ነው። ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተን ትእዛዙን ከዜሮ ቀስ እያልን ብንጨምር፣ 40 እስኪደርስ ጎማው ንቅንቅ አይልም እንበል። የ`Kd`ን ድርሻ ለጊዜው ብንተወው፣ 40 የሚገኘው ሮቦቱ 2 ዲግሪ ከዘመመ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚይዘው ሳይኖር ይወድቃል፤ ሞተሩ ሲነቃ ሮቦቱ ፍጥነት አግኝቷል። ከዚያ በኃይል ይመለሳል፣ በሌላውም በኩል ይኸው ይደገማል። `Kp`ን ማሳደግ ይህን ክፍተት ያጠበዋል፣ ነገር ግን በምትኩ መንቀጥቀጥን ያመጣል።

መፍትሔው ሞተሩ የማይሰማውን መጠን በቀጥታ መደመር ነው፦

```
u = Kp*e + Ki*sum - Kd*gyro;
if (u > 0) u += 35;
else if (u < 0) u -= 35;
u = constrain(u, -255, 255);
```

እዚህ `e` ከሚፈለገው ማዕዘን ላይ የአሁኑ ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት ነው፤ `gyro` ጋይሮስኮፑ በቀጥታ የሚነግረን የመዝመም ፍጥነት ነው። ሙሉው 40 ቢደመር ሮቦቱ በቀጥታ መስመሩ ዙሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ጎደል ይላል። ከዚህ በኋላ `Kp` እና `Kd` እንደገና ይለካሉ፣ ብዙ ጊዜም ዝቅ ይላሉ።

አሁንም ጥቂት መርበድበድ ቢቀር፣ ሮቦቱን አጥፍቶ ጎማውን በእጅ ወዲህና ወዲያ ማለት ነው። የማርሹ ጥርሶች እስኪነካኩ ድረስ ጎማው ባዶውን የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ያንን ክፍተት ቁጥር አይሞላውም፤ የተሻለ ማርሽ ያለው ሞተር ያስፈልጋል። ልኬቱም ባትሪው እንደተሞላ ይሠራ፤ ባትሪው ሲደክም 40 የነበረው ከፍ ይላል።